በዳግማ ትንሣኤ ማግስት ዳሬሰላም ለምን ራቀችን? የአንድ የሐዋሳ ቢሮ ጉዳይ

ሰኞ ግንቦት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጠራ። የደወለችልኝ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የሒሳብ ቢሮ ያላት ደንበኛዬ ናት።

«ወንድሜ፣ ኔቱ ሞቶብናል። ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።»

«ጭራሽ የለም ወይስ ተንቀራፈፈ?»

«ዩቲዩቡማ ይሠራል። ሥራው ነው የማይሠራው።»

ይቺ መልሷ ግማሹን ምርመራ ጨረሰችልኝ። ቢሮዋ አራት ልጆች አሉት። ዳሬሰላም ላለ የጭነት መኪና ድርጅት የነዳጅና የጉዞ ደረሰኞችን ወደ ሒሳብ ፕሮግራም ያስገባሉ። ፕሮግራሙ ያለው ዳሬሰላም በሚገኝ ሰርቨር ላይ ነው። ዩቲዩብ እየሠራ ዳሬሰላም ካልሠራ፣ ችግሩ ከሐዋሳ ውጭ ነው ማለት ነው። ቢሆንም በባጃጅ ሄድኩ። በስልክ የሚነገር ነገር አንዳንዴ ያሳስታል።

እንደደረስኩ መጀመሪያ ከላፕቶፑ እስከ ቢሮው ራውተር ያለውን አየሁ። ንጹሕ ነው። ቀጥሎ 8.8.8.8 የተባለውን የጉግል ሰርቨር ፒንግ አደረግኩ። ፒንግ ፓኬት የሚባሉ ትንንሽ የዳታ ጥቅሎችን ልኮ መልሳቸው በስንት ጊዜ እንደሚመጣ ይለካል። መልሱ እንደወትሮው መጣ፣ አንድም ፓኬት አልጠፋም። ከዚያ ወደ ደንበኛው ሰርቨር ሞከርኩ። ትክክለኛውን አድራሻ ቀይሬዋለሁ፣ ትእዛዙ ግን ይሄ ነው፦

```
ping -n 50 203.0.113.20
tracert -d 203.0.113.20
```

ከወራት በፊት፣ በደህናው ጊዜ ስለካው መልስ የሚመጣው በ190 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነበር። ሰኞ ከ400 በታች የመጣ የለም፣ አንዳንዱም 600 አለፈ። ከ50ው 9 ጨርሶ አልተመለሱም። ሁለት ነገር ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። መልሱ ዘገየ ግን ሁሉም መጣ ከሆነ፣ መንገዱ ረዝሟል ማለት ነው። መልሱ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት እያለ መሐል መሐሉ የሚጠፋ ከሆነ ግን መንገዱ ተጨናንቋል። እኛ ዘንድ ሁለቱም ነበሩ።

ዕለቱን ሙሉ ያነጋገርኳቸው የሙያ ጓደኞቼ ወሬው ደርሷቸው ነበር። እሑድ ግንቦት 4፣ በዳግማ ትንሣኤ ዕለት፣ ከደርባን በስተሰሜን በደቡብ አፍሪካና በሞዛምቢክ መካከል ሁለት የባሕር ሥር ኬብሎች ተቆርጠዋል። አንዱ ኢሲ፣ ሌላው ሲኮም ይባላል። ቢሮው ውስጥ ይሄን ስናገር ከልጆቹ አንዷ ግራ ገባት። «እኛ እኮ የምንሠራው ከታንዛኒያ ጋር ነው። ደቡብ አፍሪካ ምን አገናኘን?» ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ይሄ ጽሑፍ የእሷ ጥያቄ መልስ ነው።

ከሐዋሳ ዳሬሰላም በቀጥታ ሲለካ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ለ1,000 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ 10 ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል። ቀጥታ መስመር ቢኖረን ኖሮ ዳሬሰላም በ15 ወይም በ20 ሚሊ ሰከንድ ትመልስልን ነበር። እኛ ግን በደህናውም ቀን የምናየው 190 ነው። ምክንያቱ ዳታችን ቀጥታ አለመሄዱ ነው። ዳታው የሚያልፍባቸውን ጣቢያዎች የሚዘረዝረው የትሬሱ ትእዛዝ እንዳሳየን ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በቀይ ባሕርና በግብፅ በኩል ወደ አውሮፓ ይወጣል። የእኛ ኦፕሬተርና የታንዛኒያው ኦፕሬተር ዳታ የሚቀባበሉት እዚያ ነው። ከዚያ እንደገና ወደ አፍሪካ ይወርዳል። ለጎረቤት የተላከ ደብዳቤ ባሕር ማዶ ተሻግሮ ይመለሳል እንደማለት ነው። አፍሪካ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም።

አገራችን ባሕር ስለሌላት የራሳችን የኬብል ማረፊያ ጣቢያ የለንም። ማረፊያ ጣቢያ ማለት ኬብሉ ከባሕር ወጥቶ ከየብሱ ፋይበር ጋር የሚጋባበት ቤት ነው። ከውጭ ሲያዩት ተራ ሕንጻ ነው። ኬብሉ ከአሸዋው ሥር በተቀበረ ጉድጓድ በኩል ይገባል። ውስጥ ብርሃኑን የሚልኩና የሚቀበሉ ማሽኖች፣ ባትሪዎች፣ ጀነሬተር፣ እንዲሁም ለኬብሉ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያቀርብ መሣሪያ አለ። ለእኛ የቅርቡ ጣቢያ ጅቡቲ ነው። ከዚያ ውጭ በኬንያና በሱዳን በኩል የሚወጡ የየብስ መስመሮች አሉን።

አሁን ወደ ደቡብ አፍሪካው ነገር ልምጣ። ለግንቦቱ ችግር መነሻው ግንቦት አይደለም፣ የካቲት ነው።

የካቲት 10 ቀን 2016 ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ በባብ ኤል መንደብ አካባቢ በሁቲዎች ሚሳይል ተመታች። መርከበኞቹ መልህቅ ጥለው ወጡ። መርከቧ ግን አልቆመችም። መልህቋን እየጎተተች በነፋስና በማዕበል ስትነዳ ቆይታ የካቲት 23፣ በዓድዋ በዓል ዕለት፣ ሰጠመች። በዚያ መሐል፣ የካቲት 16 ግድም፣ በደቡብ ቀይ ባሕር ሦስት ኬብሎች ተበጠሱ፤ ኤኤኢ-1፣ ኢአይጂና ሲኮም። ዋነኛ ተጠርጣሪው የዚያች መርከብ መልህቅ ነው። ሲኮም በወቅቱ እንዳሳወቀው የተጎዳው ከሞምባሳ ወደ ግብፅ የሚወጣው ክፍሉ ነበር። ለምሥራቅ አፍሪካ ይሄ ማለት ወደ አውሮፓ ከሚያወጡት በሮች አንዱ ተዘጋ ማለት ነው።

መጠገኑ ደግሞ ቶሎ አልተቻለም። ቦታው የመን አጠገብ ነው። የጥገና መርከብ ሥራ ላይ እያለች ለቀናት አንድ ቦታ መቆም አለባት፣ በዚያ ባሕር ግን መቆም ማለት ዒላማ መሆን ነው። ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የጦርነት ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ስለዚህ የካቲት የተበጠሰው እስከ ግንቦት እንደተበጠሰ ቆየ። በሲኮም ይሄዱ የነበሩ የምሥራቅ አፍሪካ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ዳታቸውን ወደ ደቡብ አዞሩ። ከዳሬሰላም ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ከዚያ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ዞሮ ወደ አውሮፓ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ግን ይሠራል። ተጠቃሚውም ብዙም አላስተዋለም። እኔ ራሴ የካቲት ላይ የዚያን ቢሮ ፒንግ ባየው ኖሮ ለውጡ ይታየኝ ነበር። አላየሁትም።

ከዚያ እሑድ ግንቦት 4 የደቡቡም በር ተዘጋ። እዚህ ላይ አንድ ዝርዝር አለ፣ ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ እሱ ነው። ሲኮም በ2009 እ.ኤ.አ.፣ ኢሲ በ2010 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመሩ፣ የተለያዩ ባለቤቶች ያሏቸው ሁለት ኬብሎች ናቸው። ከሁለቱም የገዛ አቅራቢ «አንዱ ቢበጠስ ሌላው አለኝ» ብሎ ይተማመናል። ሁለቱም ግን ደቡብ አፍሪካ ላይ የሚያርፉት ምቱንዚኒ በምትባል አንዲት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ነው። ወደዚያች ከተማ ሲቃረቡ መንገዳቸው ይቀራረባል። በካርታ ላይ ሁለት መስመር ይመስላሉ፣ በአደጋ ጊዜ ግን እንደ አንድ ሆኑ።

ኢሲ በሰሜን በኩል ጅቡቲና ፖርት ሱዳን ድረስ ይዘልቃል። ያ ክፍሉ አልተነካም። ታዲያ ታንዛኒያ ለምን በዚያ አልወጣችም? ጅቡቲ መድረስ አውሮፓ መድረስ ስላልሆነ ነው። ከጅቡቲ ወደ ላይ የሚወስድ ሌላ ኬብል ላይ ቦታ መግዛት ያስፈልጋል፤ ያ ቦታ ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ ተፈላጊ ሆኗል። በአንድ ሰኞ ጠዋት ውል ተፈርሞ የሚከፈት ነገር አይደለም።

ቀሪዎቹ መውጫዎች በአብዛኛው ሞምባሳ ላይ የሚያርፉት ናቸው። ቲምስ ወደ ፉጃይራ፣ ዴር-1 ወደ ጅቡቲ፣ ፒስ ደግሞ በቀይ ባሕር ወደ አውሮፓ። የታንዛኒያ ዳታ በየብስ ወደ ኬንያ ወጥቶ በእነዚህ መተላለፍ ነበረበት። ከአራት መስመር አስፋልት የወጣ መኪና ሁሉ ወደ አንድ መስመር ሲታጠፍ የሚሆነው ሆነ። ታንዛኒያ ክፉኛ ከተጎዱት አንዷ ነበረች። ዳሬሰላም ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ እንኳን በኔትወርኩ ምክንያት ለሁለት ቀን ለሕዝብ ተዘግቶ ነበር።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ ይሄን ነው፦ «ኢንተርኔት ራሱ መንገድ ይቀይራል ይባል የለ?» ይቀይራል። ራውተሮች አንድ መንገድ ሲጠፋ እርስ በርስ ተነጋግረው በደቂቃዎች ውስጥ ሌላ ያገኛሉ። ችግሩ፣ ራውተሮቹ የሚነጋገሩት መንገዱ መኖሩን ብቻ ነው። ምን ያህል እንደሞላ አይነጋገሩም። ባዶውም ጢም ያለውም መንገድ ለእነሱ «አለ» ነው። ስለዚህ ሁሉም ወደዚያው ይገባል። ሲሞላ የመግቢያው ራውተር ፓኬቶችን ወረፋ ያስይዛል፣ ወረፋው ሲያልቅበት ይጥላል። የላኪው ኮምፒውተር ፓኬት ሲጠፋበት መንገዱ እንደተጨናነቀ ገምቶ ፍጥነቱን ያወርዳል። ከዚያ መልስ በመጣለት ቁጥር ቀስ እያለ ይጨምራል። መልሱ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ መጨመሩም ያን ያህል ይዘገያል።

ይሄን ወደ ቢሮው ልመልሰው። የሒሳብ ፕሮግራሙ አንድ ደረሰኝ ለመመዝገብ ከሰርቨሩ ጋር በግምት 40 ጊዜ ይመላለሳል። አንዱ ምልልስ 0.19 ሰከንድ ሲፈጅ ጠቅላላው 8 ሰከንድ አይሞላም። አንዱ 0.5 ሲሆን 20 ሰከንድ። የጠፋ ፓኬት ካለ ደግሞ እንደገና እስኪላክ ይጠበቃል፣ ፕሮግራሙም ታክቶት «ግንኙነት ተቋርጧል» ይላል። ልጆቹ የሚያዩት ይሄንን ነበር። በአንጻሩ ዩቲዩብ ቪዲዮውን አስቀድሞ እየጫነ ስለሚያጫውት መዘግየት አይታይበትም። በዚያ ላይ ብዙ የታየ ቪዲዮ ቅጂው ብዙ ጊዜ ለተመልካቹ ቅርብ ነው የሚቀመጠው። ባሕር መሻገርም ላያስፈልገው ይችላል።

ስለ ኬብሉ ራሱ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ጥገናው ለምን ሳምንታት እንደሚፈጅ የሚገባው እሱ ሲታወቅ ነው። በጥልቁ ባሕር የሚዘረጋው ኬብል ውፍረቱ ከአትክልት ማጠጫ ጎማ አይበልጥም። ጠረፍ አካባቢ፣ መልህቅና መረብ የሚበዛበት ቦታ፣ በብረት ሽቦ ተጠቅልሎ ይወፍራል። መሐሉ ላይ ያሉት ፋይበሮች እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ኢሲ ያለው ሁለት ጥንድ ፋይበር ነው። አራት ክር ማለት ነው። እኔ ሐዋሳ ውስጥ የተበጠሰ የየብስ ፋይበር ስቀጥል በማሽኑ መስታወት ላይ ሁለቱን ጫፎች አጉልቼ አያለሁ። ጫፉ በልዩ መቁረጫ ጠፍጥፎ ካልተቆረጠ፣ ወይም የጣት ቅባት ከነካው፣ ማሽኑ አልቀበልም ይላል። ተስተካክሎ ሲገጥም በኤሌክትሪክ ብልጭታ ይቀልጥና አንድ ይሆናል። በመርከብ ላይ የሚሠራውም በመሠረቱ ይሄው ነው። ልዩነቱ መጋጠሚያው ከባሕር ግፊት የሚጠብቅ ሽፋን ይለብሳል፣ በኤክስሬይም ይፈተሻል።

ብርሃኑ በፋይበሩ ሲጓዝ ይደክማል። በየ50 ኪሎ ሜትሩ ከነበረው አንድ አሥረኛው ብቻ ይቀራል። 100 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ መቶኛው። ለዚህ ነው በየ60፣ በየ80፣ አንዳንዴም በየ100 ኪሎ ሜትሩ ሪፒተር የሚገባው። ሪፒተር ቶርፔዶ የሚመስል የብረት ጥቅል ነው። ውስጡ ኤርቢየም የተባለ ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት አጭር ፋይበር አለ። በሌዘር ሲነቃቃ የሚያልፈውን ብርሃን እዚያው ብርሃን እንደሆነ ያጎላዋል። ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ አይመልሰውም። ሌዘሩ ግን መብራት ይፈልጋል። ባሕር ወለል ላይ ሶኬት የለም፣ ስለዚህ መብራቱ ከማረፊያ ጣቢያው በኬብሉ ውስጥ ባለ የመዳብ ቱቦ ይላካል። ጣቢያው እስከ አሥር ሺህ ቮልትና ከዚያም በላይ ይሰጣል፣ የሚፈሰው ግን 1 አምፒር ገደማ ነው።

ብልሽት ሲደርስ ቦታው የሚታወቀውም በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው፣ በመብራቱና በብርሃኑ። ኬብሉ ሲበጠስ መዳቡ ከጨው ውኃ ጋር ይገናኛል። የሚፈሰው መብራት እስከ ማዶ ሳይሄድ እዚያው በባሕሩ በኩል ይመለሳል። ጣቢያው ያንኑ አምፒር ለመግፋት የሚያስፈልገው ቮልት በድንገት ይወርዳል። እያንዳንዱ ኪሎ ሜትርና እያንዳንዱ ሪፒተር ስንት ቮልት እንደሚበላ ስለሚታወቅ፣ ከቀረው ቮልት ላይ ርቀቱን ያሰላሉ። በብርሃኑ በኩል ደግሞ አጭር ምት ይልካሉ፣ የሚመለሰውን ጭላንጭል ጊዜ ይለካሉ። እኛ በየብስ የምንጠቀምበት መለኪያ እዚህ አይበቃም። ሪፒተሩ ወደ ኋላ የሚመለስ ብርሃን አያሳልፍም። ስለዚህ የባሕር ሪፒተሮች ለዚሁ ብቻ የመመለሻ መንገድ ተሠርቶላቸዋል፣ መለኪያውም የተለየ ነው። ከሁለቱም ጫፍ ተለክቶ ሲገጣጠም ቦታው ይለያል።

ቦታው ታወቀ ማለት ግን ተጠገነ ማለት አይደለም። ለግንቦቱ ሥራ የተላከችው ሊዮን ቴቬኒን ነበረች። ኬፕታውን ላይ የምትቆም፣ በ1983 እ.ኤ.አ. የተሠራች የኦሬንጅ ማሪን መርከብ ናት። መርከቧ ትክክለኛውን ዓይነት መለዋወጫ ኬብል ትጭናለች፣ ትጓዛለች። ስትደርስ መንጠቆ ያለው ሰንሰለት ወደ ታች ጥላ ወለሉን እያረሰች ትፈልጋለች። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ አጥማጆቹ የጠፋ መረብ በመንጠቆ ሲፈልጉ ያየ ሰው ይገባዋል፤ እዚህ ግን ጀልባው ትልቅ፣ ጥልቀቱም ሌላ ነው። አንዱን ጫፍ አውጥታ እስከ ጣቢያው ደህና መሆኑን ትለካለች፣ ከተንሳፋፊ ምልክት ጋር አስራ ትተዋለች። ከዚያ ሌላውን ጫፍ ትፈልጋለች። ሁለቱ ጫፎች ወደ መርከብ ከወጡ በኋላ ቀጥታ ለቀጥታ አይገናኙም። መሐል ላይ አዲስ ኬብል ይገባል፤ የተበጠሰ ገመድ ከባሕር ወለል እስከ መርከብ ወጥቶ ለመቋጠር የሚበቃ ትርፍ የለውማ። ማዕበል ከበረታ ሁሉም ይቆማል። ሁለት ኬብል ስለሆነ ደግሞ ይሄ ሁሉ ሁለት ጊዜ ነው።

ይሄን ሁሉ ለቢሮዋ ባለቤት ስነግራት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ስንት ቀን?» ሳምንታት አልኳት። ደንበኛዋን ማጣት አልፈለገችም፣ ልጆቹንም ወደ ቤት መላክ አልፈለገችም። ፊቷ ላይ ያየሁት ጭንቀት አሁንም ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ያለውን ይዘን መፍትሔ ፈለግን።

ማክሰኞና ረቡዕ በየሰዓቱ ፒንግ እየመዘገብኩ አደርኩ። ከጠዋት 3 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ፓኬት ይጠፋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ግን የሚጠፋ የለም ማለት ይቻላል። መዘግየቱ እንዳለ ነው፣ ምክንያቱም መንገዱ አላጠረም። መጨናነቁ ግን ሰው ሲተኛ ይለቃል። አሁን ዳታችን የሚያልፍበት መንገድ ራሱ ቢሆን ኖሮ የተበላሸው ሌሊትም ያው ነበር። ጫናው መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ከዚያ ዳሬሰላም ካለው የድርጅቱ አይቲ ጋር ተነጋገርን። ፕሮግራሙ ደረሰኞችን ከአንድ ፋይል በጅምላ የሚቀበልበት መንገድ ነበረው፤ እስከዚያ ቀን ማንም አልተጠቀመበትም። ልጆቹ ቀን ቀን ደረሰኙን እዚሁ ላፕቶፕ ላይ በኤክሴል ይሞላሉ። ማታ አንዷ ታረጋግጣለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ፋይሉ ተጨምቆ በራሱ ይላካል፣ ከተቋረጠ ካቆመበት ይቀጥላል። 40 ምልልስ በየደረሰኙ የነበረው ለቀኑ ሥራ ሁሉ አንድ መላክ ሆነ። በመጀመሪያው ሌሊት ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፣ ንጋት ላይ ግን ገብቶ ነበር።

የማይፈታም ነገር ነበር። ድርጅቱ አንዳንድ ደረሰኝ ወዲያው እንዲስተካከል ይፈልጋል፣ ያ በቀን ብቻ የሚሆን ነው። እሱን በስልክና በዋትስአፕ ጽሑፍ ተወጣነው። አጭር ጽሑፍ በተጨናነቀ መንገድም ቢሆን ያልፋል። የቪዲዮ ስብሰባቸውን ግን ለሦስት ሳምንት ተዉት። ሌላ ኦፕሬተር ሲም ገዝተን ሞክረን ነበር፣ አልረዳንም። መንገዱ የሚጠበው ከእኛ በኩል ሳይሆን ከታንዛኒያ በኩል ስለነበረ ከሐዋሳ የምንቀይረው ነገር አልነበረም።

ጥገናው በሦስት ሳምንት ግድም አለቀ። እኛ ያወቅነው ከዜና ቀድመን ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ላይ ፒንጉ ከ400 ወርዶ 200ዎቹ ውስጥ ገባ፣ ከ50ው ሃምሳውም ተመለሰ። ትሬሱን ስናየው በደቡብ አፍሪካ በኩል ነበር የዞረው። የቀይ ባሕሩ ያኔም ገና አልተጠገነም።

የቢሮው ባለቤት የሌሊቱን መላኪያ አላጠፋችውም። ልጆቹ በቀጥታ ወደ መመዝገብ ተመልሰዋል፣ የኤክሴሉ ፎርም ግን በየላፕቶፑ አለ። ግድግዳዋ ላይ የለጠፈችው ወረቀት ላይ በእጅ የተጻፉ ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ የራውተሩ ፒንግ፣ የ8.8.8.8 ፒንግ፣ የዳሬሰላም ፒንግ። ጠዋት ጠዋት ቡና ከመፈላቱ በፊት ከልጆቹ አንዷ ሦስቱን ለክታ ከሥሩ ትጽፋለች። አሁን ሲደውሉልኝ የሚጀምሩት ከዚያ ነው። «ወንድሜ፣ የመጀመሪያው 2፣ ሁለተኛው 95፣ ሦስተኛው 310» ይሉኛል።